የዛሬ የግብር ቅናሽ፣ የነገ ክፍያ፦ ወደፊት የተላለፈ የግብር ዕዳ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ምሳሌ ሲብራራ

አዲስ ማሽን ተክለው ሥራ የጀመሩ ማኅበራት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፍሉት የትርፍ ግብር ከጠበቁት ዝቅ ብሎ ሲገኝ ብዙም ጥያቄ አያነሱም። ጥያቄው የሚመጣው ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ፋብሪካው እንደ ወትሮው ይፈጫል፣ ገበያውም አልተለወጠም፣ ትርፉም አልጨመረም፤ የሚከፈለው ግብር ግን በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ «ያላግባብ ተጨማሪ ግብር ተጫነብን» የሚል ቅሬታ ይቀርባል። ብዙውን ጊዜ ግን የተጨመረ ግብር የለም፤ ቀድሞ ሳይከፈል ወደፊት የተላለፈው ግብር ጊዜው ደርሶ መጣ እንጂ። ይህ ጽሑፍ ዕዳው እንዴት እንደሚፈጠር፣ በየዓመቱ እንዴት እንደሚያድግና በመጨረሻም እንዴት እንደሚጠፋ በአንድ ቀላል የአሥር ዓመት ስሌት ያስረዳል።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው። የሒሳብ ባለሙያዎች ጉዳዩን «ዲፈርድ ታክስ» ይሉታል። በአማርኛ «የዘገየ ግብር» ተብሎ ሲጠራም ይሰማል፤ ሆኖም ይህ አጠራር ጊዜው አልፎ ቅጣትና ወለድ የሚከተለውን ውዝፍ ግብር ስለሚያስመስለው በዚህ ጽሑፍ «ወደፊት የተላለፈ ግብር» የሚለውን እንጠቀማለን። ውዝፍ ግብር መከፈል በነበረበት ቀን ያልተከፈለ ነው። ወደፊት የተላለፈ ግብር ግን የመክፈያ ጊዜው በሕጉ መሠረት ገና ያልደረሰ ነው።

አንድ ማሽን በሁለት ሒሳብ

ማንኛውም ማሽን በሥራ ላይ ሲውል ያረጃል። ስለዚህ የተገዛበት ዋጋ በአንድ ዓመት ሙሉ በሙሉ ወጪ ተደርጎ አይያዝም፤ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ተከፋፍሎ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ተብሎ ይመዘገባል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ቅናሽ በሁለት የተለያዩ መለኪያዎች መሰላቱ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ የሒሳብ መግለጫው ነው። በፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶች የሒሳብ መግለጫቸውን የሚያዘጋጁት በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች፣ አነስተኛና መካከለኛ ከሆኑም ለእነርሱ በተዘጋጀው ደረጃ ነው። በእነዚህ ደረጃዎች የማሽኑን የአገልግሎት ዘመን የሚገምተው ድርጅቱ ራሱ ነው። «ይህ ወፍጮ በእኛ አጠቃቀም ስንት ዓመት ያገለግለናል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን መሠረት ያደርጋል።

ሁለተኛው መለኪያ የግብር ሕጉ ነው። ሕጉ የእያንዳንዱን ድርጅት ግምት አይከተልም። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የእርጅና ቅናሽን የሚፈቅድ ሲሆን፣ ምጣኔዎቹ ደግሞ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 410/2009 ተዘርዝረዋል። በደንቡ በስም ተለይተው ካልተጠቀሱት ንብረቶች ውስጥ የሚመደብ ማሽን፣ በቀጥተኛው ዘዴ ሲሰላ በየዓመቱ ከተገዛበት ዋጋ 15 በመቶ ይቀነስለታል። ወፍጮም ሆነ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ጠንካራም ሆነ ደካማ፣ ምጣኔው አንድ ነው።

በ15 በመቶ የሚቀነስ ማሽን በሰባተኛው ዓመት ዋጋው ተቀንሶ ያልቃል። ማሽኑ በእርግጥ አሥር ዓመት የሚያገለግል ከሆነ፣ የግብር ሕጉ ከእውነተኛው እርጅና ፈጥኖ ቅናሽ ፈቀደ ማለት ነው። የተፋጠነ የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ይኸው ነው። ለባለሀብቱ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ባወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት አነስተኛ ግብር ይከፍላል። ይሁንና ጥቅሙ የጊዜ ብቻ ነው። አንድ ማሽን ከዋጋው በላይ ሊቀነስ አይችልምና ዛሬ ፈጥኖ የተወሰደው ቅናሽ ነገ ይጎድላል።

የዱቦው ዱቄት ፋብሪካ

ለማስረዳት እንዲያመች በወላይታ ዞን፣ በዱቦ፣ አምስት አባላት በእኩል ድርሻ ያቋቋሙትን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እናስብ። ማኅበሩ በአካባቢው የሚመረተውን በቆሎ ፈጭቶ በአረካና በሶዶ ገበያ ያቀርባል። ማኅበሩም አባላቱም ለምሳሌ የታሰቡ ናቸው፤ ምጣኔዎቹ ግን የሕጉ ናቸው።

ማኅበሩ ሐምሌ 1 ቀን በ2,000,000 ብር ማሽን ገዝቶ ተከለ። ቀኑን ሐምሌ 1 ያደረግነው የበጀት ዓመቱ ሙሉ እንዲሆንና የወራት ክፍፍል ውስጥ እንዳንገባ ነው። አባላቱ ከባለሙያ ጋር ተማክረው ማሽኑ አሥር ዓመት እንደሚያገለግልና በመጨረሻም የሚሸጥ ዋጋ እንደማይኖረው ገመቱ። ስለዚህ በሒሳብ መግለጫቸው በየዓመቱ 200,000 ብር ይቀንሳሉ። ለግብር ግን 15 በመቶ፣ ማለትም 300,000 ብር ይቀነስላቸዋል። ማኅበሩ ከእርጅና ቅናሽ በፊት በየዓመቱ 700,000 ብር ያተርፋል እንበል። የድርጅቶች የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ምጣኔ 30 በመቶ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት እንመልከት። በሒሳብ መግለጫው ትርፉ 700,000 ሲቀነስ 200,000፣ ማለትም 500,000 ብር ነው። የዚህ 30 በመቶ 150,000 ብር ይሆናል። ለግብር የሚቀርበው ገቢ ግን 700,000 ሲቀነስ 300,000፣ ማለትም 400,000 ብር ነው፤ የሚከፈለውም ግብር 120,000 ብር ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የ30,000 ብር ልዩነት አለ።

ይህ 30,000 ብር ወዴት ሄደ? መንግሥት አልተወውም፤ ማኅበሩም አላተረፈውም። ማኅበሩ 500,000 ብር ባተረፈበት ዓመት ግብር የተከፈለው በ400,000 ብር ላይ ስለሆነ፣ በቀረው 100,000 ብር ላይ ያለው ግብር ለሌላ ዓመት ተላልፏል። ወደፊት የተላለፈ የግብር ዕዳ ይህ ነው።

እስከ ስድስተኛው ዓመት ድረስ ያው ይደጋገማል፤ በየዓመቱ 30,000 ብር ሲጨመር ዕዳው 180,000 ብር ይደርሳል። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ለግብር 1,800,000 ብር ተቀንሷል። ስለዚህ በሰባተኛው ዓመት የሚቀነሰው የቀረው 200,000 ብር ብቻ ነው። ይህም በሒሳብ መግለጫው ከሚቀነሰው ጋር እኩል በመሆኑ በዚያ ዓመት ዕዳው አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ከስምንተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ለግብር የሚቀነስ ነገር የለም። ማሽኑ ይሠራል፣ በሒሳብ መግለጫውም 200,000 ብር መቀነሱን ይቀጥላል፤ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ግን ሙሉው 700,000 ብር ይሆናል። የሚከፈለውም 210,000 ብር ነው።

| ዓመት | የሒሳብ ትርፍ | ግብር የሚከፈልበት ገቢ | የሚከፈል ግብር | የዕዳው ለውጥ | በጊዜው መጨረሻ ያለ ዕዳ |
|---|---|---|---|---|---|
| ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ በየዓመቱ | 500,000 | 400,000 | 120,000 | 30,000 ይጨምራል | 180,000 |
| 7ኛ | 500,000 | 500,000 | 150,000 | የለም | 180,000 |
| 8ኛ | 500,000 | 700,000 | 210,000 | 60,000 ይቀንሳል | 120,000 |
| 9ኛ | 500,000 | 700,000 | 210,000 | 60,000 ይቀንሳል | 60,000 |
| 10ኛ | 500,000 | 700,000 | 210,000 | 60,000 ይቀንሳል | 0 |

የአሥሩ ዓመት ክፍያ ሲደመር 1,500,000 ብር ነው። በየዓመቱ 150,000 ብር ቢከፈል ኖሮም ድምሩ ያው 1,500,000 ብር በሆነ ነበር። የተለወጠው የክፍያው ጊዜ እንጂ መጠኑ አይደለም። በመግቢያችን የጠቀስነው ቅሬታ የሚነሳውም ክፍያው ከ120,000 ወደ 150,000፣ ከዚያም ወደ 210,000 ብር በሚዘልባቸው በሰባተኛውና በስምንተኛው ዓመት ነው።

በመዝገብ የሚያዘው እንዴት ነው?

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሁለት ምዝገባ ይደረጋል። አንደኛው የዓመቱ ግብር ነው፤ 120,000 ብር የግብር ወጪ ተብሎ በዴቢት፣ ለገቢዎች የሚከፈል ግብር ተብሎ በክሬዲት ይያዛል። ሁለተኛው የተላለፈው ነው፤ 30,000 ብር ወደፊት የተላለፈ የግብር ወጪ ተብሎ በዴቢት፣ ወደፊት የተላለፈ የግብር ዕዳ ተብሎ በክሬዲት ይያዛል። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው የሚታየው ጠቅላላ የግብር ወጪ 150,000 ብር፣ የተጣራ ትርፉም 350,000 ብር ይሆናል። በስምንተኛው ዓመት ሁለተኛው ምዝገባ ይገለበጣል፤ ከሚከፈለው 210,000 ብር ላይ 60,000 ብሩ ከዕዳው ተቀናሽ ስለሚሆን የዓመቱ የግብር ወጪ እንደገና 150,000 ብር ሆኖ ይታያል። በዚህ አሠራር የተጣራ ትርፉ በአሥሩም ዓመታት 350,000 ብር ነው። በየዓመቱ እኩል የሠራ ፋብሪካ እኩል ትርፍ ያሳያል ማለት ነው።

ስሌቱን ለማረጋገጥ የሚያስችል ሌላ መንገድ አለ፤ ደረጃዎቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ማሽኑ በሒሳብ መዝገብ የቀረውን ዋጋ ለግብር ከቀረው ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ በሒሳብ መዝገብ 800,000 ብር፣ ለግብር ደግሞ 200,000 ብር ቀርቷል። ልዩነቱ 600,000 ብር ሲሆን የዚህ 30 በመቶ 180,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር ከዓመት ዓመት ሲደመር ከመጣው ዕዳ ጋር ካልገጠመ በአንደኛው ዓመት ስሌት ላይ ስህተት አለ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው፤ የግብር ምጣኔው በሕግ ቢለወጥ የቀረው ልዩነት በአዲሱ ምጣኔ እንደገና ይባዛል። ለምሳሌ ምጣኔው ወደ 25 በመቶ ዝቅ ቢል የ180,000 ብሩ ዕዳ 150,000 ብር ይሆናል፤ ለውጡም ሕጉ በጸደቀበት ዓመት መግለጫ ላይ ይታያል።

ዕዳው ካልተመዘገበ የሚጎዳው ማን ነው?

አንዳንድ ባለድርሻዎች «ዛሬ የማይከፈል ነገር ለምን ይመዘገባል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የምናገኘው ዕዳው ሳይመዘገብ ሲቀር በአባላቱ መካከል የሚሆነውን ስናይ ነው።

ዕዳው ካልተመዘገበ የዱቦው ማኅበር በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት የሚያሳየው የተጣራ ትርፍ በየዓመቱ 380,000 ብር ይሆናል። በሰባተኛው ዓመት 350,000፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ 290,000 ብር። አባላቱ የሚታየውን ትርፍ ሁሉ በየዓመቱ ቢከፋፈሉ በስድስት ዓመት ውስጥ ለግብር ይቆይ የነበረ 180,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ አባል 36,000 ብር፣ ከማኅበሩ ወጥቷል። በስምንተኛው ዓመት ግብሩ ሲጨምር ያ ገንዘብ በካዝና የለም። ሥራ አስኪያጁም ትርፍ ቀነሰ ተብሎ ይወቀሳል፤ ፋብሪካው ግን አንድ ኩንታል እንኳ ቀንሶ አልፈጨም።

ከዚህ የከፋው አንድ አባል ሲወጣ ነው። በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ ከአምስቱ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ድርሻውን ለቀሩት አራቱ ሊሸጥ ፈለገ እንበል። ዋጋውም በሒሳብ መግለጫው በሚታየው የተጣራ ሀብት ሊተመን ተስማሙ። ዕዳው ካልተመዘገበ የተጣራ ሀብቱ በ180,000 ብር ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ የሚወጣው አባል 36,000 ብር ትርፍ ይቀበላል፤ የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው 9,000 ብር በዋጋው ላይ ከፍለው፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የእርሱን ድርሻ ግብር በእርሱ ፈንታ ይሸፍናሉ። ማንም ማንንም ሳያታልል አንዱ ተጠቅሞ አራቱ ይጎዳሉ። በተቃራኒው ዕዳው ገና ከሁለት ዓመት በኋላ መከፈል ስለሚጀምር ሙሉው 180,000 ብር መቀነስ የለበትም ብሎ የሚከራከር አባል ሊኖር ይችላል። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ በሒሳብ ደረጃዎቹ ይህ ዕዳ ለጊዜ ርቀቱ ተብሎ አይቀነስለትም፤ አባላት በሽያጭ ስምምነታቸው ግን ይህን አስበው ሊደራደሩ ይችላሉ። ዋናው ነገር ቁጥሩ በመግለጫው ላይ መታየቱ ነው።

ማሽኑ ቀድሞ ቢሸጥስ?

ዕዳው ሁልጊዜ ቀስ ብሎ አይመጣም። ማኅበሩ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ሥራውን ለመለወጥ ወስኖ ማሽኑን በ1,200,000 ብር ሸጠ እንበል። በሒሳብ መዝገብ የቀረው ዋጋ 2,000,000 ሲቀነስ አራት ጊዜ 200,000፣ ማለትም 1,200,000 ብር ነው። በሒሳብ መግለጫው ትርፍም ኪሳራም የለም፤ አባላቱም «ባወጣው ዋጋ ተሸጠ» ብለው ይለያያሉ።

ለግብር ግን የቀረው ዋጋ 2,000,000 ሲቀነስ አራት ጊዜ 300,000፣ ማለትም 800,000 ብር ነው። በሕጉ መሠረት ከዚህ በላይ የተሸጠበት 400,000 ብር ለዓመቱ የንግድ ሥራ ገቢ ይደመራል፤ በእርሱም ላይ 120,000 ብር ግብር ይከፈላል። ዕዳውን በየዓመቱ ሲመዘግብ ለቆየ ማኅበር ይህ እንግዳ አይደለም፤ በአራት ዓመት የተከማቸው 30,000 ብር አራት ጊዜ በትክክል 120,000 ብር ነው። ያልመዘገበው ግን የሽያጩን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለባንክ ብድር ወይም ለአባላት ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ፣ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በአራት ወር ውስጥ፣ ይኸውም እስከ ጥቅምት 30፣ ግብሩን እንዲያሳውቅና እንዲከፍል ሲጠበቅበት ችግር ላይ ይወድቃል። ማሽን ለመሸጥ ያሰቡ ድርጅቶች ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ለግብር የቀረውን ዋጋ እንዲመለከቱ የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕዳው ሳይቀንስ የሚቆይበት ጊዜ

እውነተኛ ድርጅቶች አንድ ማሽን ገዝተው አሥር ዓመት አይቀመጡም። የዱቦው ማኅበር በሰባተኛው ዓመት ሁለተኛ ወፍጮ ቢገዛ፣ ከስምንተኛው ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያው ማሽን ዕዳ እየቀነሰ ሳለ የሁለተኛው ይጨምራል። ማሽኖቹ እየበዙ ወይም ዋጋቸው እየናረ ከሄደ ጠቅላላው ዕዳ ለብዙ ዓመታት ላይቀንስ ይችላል። ከዚህ በመነሳት «እንግዲህ የማይከፈል ነው» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። የእያንዳንዱ ማሽን ዕዳ በጊዜው ይከፈላል፤ አዲስ ዕዳ በቦታው ስለሚተካ ብቻ ድምሩ ሳይነቃነቅ ይታያል። ግዢው የቆመ ዕለት ድምሩ መውረድ፣ የሚከፈለውም ግብር መጨመር ይጀምራል። ግዢ የሚቆመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራው ሲቀዘቅዝ ነውና ጭማሪው የሚመጣው ገንዘብ በሚያጥርበት ወቅት ይሆናል።

በሕንፃ ላይ ጉዳዩ እጅግ ይረዝማል። ለሕንፃ በደንቡ የተፈቀደው ቅናሽ በዓመት 5 በመቶ፣ ማለትም ሃያ ዓመት ነው። ማኅበሩ በ3,000,000 ብር ያሠራው መጋዘን አርባ ዓመት ያገለግላል ብሎ ቢገምት በሒሳብ መግለጫው በየዓመቱ 75,000፣ ለግብር ግን 150,000 ብር ይቀነሳል። ዕዳው ለሃያ ዓመታት እያደገ 450,000 ብር ይደርስና በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ይከፈላል። መጋዘኑን የሠሩት አባላት ቅናሹን ይጠቀማሉ፤ ግብሩን ምናልባት ልጆቻቸው ይከፍላሉ።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ዕዳ ብቻ አይደለም። ማኅበሩ ዱቄት የሚያመላልስበትን አይሱዙ አምስት ዓመት ብቻ ያገለግላል ብሎ በዓመት 20 በመቶ ቢቀንስና ለግብር 15 በመቶ ቢቀነስለት፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዛሬ ከሒሳብ ትርፉ በላይ በሆነ ገቢ ላይ ግብር ይከፍልና ኋላ ያነሰ ይከፍላል። ይህ ወደፊት የተላለፈ የግብር ሀብት ይባላል። የራሱ ጥንቃቄዎች ስላሉት እዚህ አንገባበትም።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው የግብር ሕጉን ምጣኔ በቀጥታ በሒሳብ መግለጫ ላይ መጠቀም ነው። ዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ብዙ ድርጅቶች የሚሠሩት እንዲህ ስለነበር ልማዱ አልጠፋም። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ስለሚሆኑ ልዩነት አይኖርም፣ የተላለፈ ግብርም አይታይም፤ ምቹ ይመስላል። ነገር ግን አሥር ዓመት የሚያገለግል ማሽን በሰባተኛው ዓመት ዋጋው ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። ይህን ለመለየት ቀላል ነው፤ በሥራ ላይ ያሉ ማሽኖች ዋጋ አልባ ሆነው በንብረት መዝገቡ ከተገኙ፣ ወይም ሁሉም ማሽኖች ያለ ልዩነት በ15 በመቶ ከተቀነሱ፣ የአገልግሎት ዘመን ግምት አልተሠራም ማለት ነው።

ሁለተኛው ወደፊት የተላለፈውን የግብር ወጪ በግብር ማሳወቂያው ላይ ተቀናሽ አድርጎ ማቅረብ ነው። የገቢ ግብር ራሱ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ አይቀነስም፤ የተላለፈውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በምሳሌያችን 30,000 ብሩን የቀነሰ ማኅበር በመጀመሪያው ዓመት 120,000 ሳይሆን 111,000 ብር ይከፍላል፤ ቀሪው 9,000 ብር በኦዲት ሲገኝ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይጠየቃል። ትክክለኛው አካሄድ ከሒሳብ ትርፉ ከ500,000 ብር ተነስቶ በሒሳብ መግለጫው የተቀነሰውን 200,000 ብር መልሶ መደመር፣ ከዚያም በሕጉ የተፈቀደውን 300,000 ብር መቀነስ ነው። ይህ ማስታረቂያ ከማሳወቂያው ጋር ተያይዞ ቢቀርብ በኦዲት ጊዜ የሚነሱ ብዙ ጥያቄዎችን ያስቀራል።

ሦስተኛው ይህን ዕዳ ከገቢዎች ዕዳ ጋር ማምታታት ነው። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የሚታየው ወደፊት የተላለፈ የግብር ዕዳ ለግብር ባለሥልጣኑ ያልተከፈለ ገንዘብ አይደለም፤ ወለድ አይታሰብበትም፣ ዛሬ እንዲከፈልም አይጠየቅም። የግብር ክሊራንስ ለመጠየቅ የሚመጡ አንዳንድ ግብር ከፋዮች ይህን መስመር ፈርተው ከመግለጫው እንዲወጣ ለሒሳብ ባለሙያቸው ሲያሳስቡ ይስተዋላል። ማውጣቱ ምንም ክፍያ አያስቀርም፤ መግለጫውን ብቻ ያዛባል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚያስፈልገው የንብረት መዝገብ ብዙ የተራቀቀ አይደለም። ለእያንዳንዱ ማሽን የተገዛበትን ቀንና ዋጋ ከነደረሰኙ፣ ድርጅቱ የገመተውን የአገልግሎት ዘመን፣ በሒሳብ የቀረውን ዋጋ በአንድ ዓምድ፣ ለግብር የቀረውን ዋጋ በሌላ ዓምድ መያዝ ይበቃል። የሁለቱ ዓምዶች ድምር ልዩነት በ30 በመቶ ሲባዛ የዓመቱ መጨረሻ ዕዳ ይገኛል። ለግብር የቀረውን ዋጋ ካለፉት ዓመታት ማሳወቂያዎች ማውጣት ያልቻለ ግብር ከፋይ ቀደም ሲል ያቀረባቸውን ማሳወቂያዎች ቅጂ ከተመዘገበበት የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ሰኔ 30 ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ቢቀርብ ለሁለቱም ወገን ይቀላል።